ለላላ የብሎን ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ይሻላል ወይስ በኮላ የተጣበቀ ድፍን ውታፍ?

የበር ማጠፊያን ወይም የቁም ሳጥን መዝጊያን የያዘ ብሎን በካቻቢቴ ሲጠበቅ መጨረሻ ሳያገኝ ባዶውን የሚዞር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ብሎኑ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ብሎን ወደ እንጨት ሲገባ ጥርሱ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ይቀርጻል፤ ብሎኑን አጥብቆ የሚይዘውም በጥርስና በጥርስ መካከል ሳይቆረጥ የቀረው ቀጭን የእንጨት ከንፈር ነው። ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠበቅ፣ ወይም በሩ በከፈቱትና በዘጉት ቁጥር ሲጎትተው፣ ያ ከንፈር ተቆርጦ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ለስላሳ ቱቦ ውስጥ እንደ ገባ ሁሉ ይዞራል እንጂ የሚነክሰው ነገር አያገኝም።

ለዚህ ብልሽት በየቤቱና በየእንጨት ሥራ ቤቱ የታወቁ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ኮላ የተቀቡ የክብሪት እንጨቶችን ወይም ስቴኪኒዎችን ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ ብሎኑን መልሶ ማሰር ነው። ሁለተኛው ቀዳዳውን በፑንታ አስፍቶ፣ ልኩ የሆነ ክብ የእንጨት ዘንግ በኮላ መትቶ አስገብቶ፣ በዚያ ድፍን ውታፍ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን የማታለያ ጥገና፣ ሁለተኛውን ደግሞ የባለሙያ ጥገና አድርጎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። የክብሪት እንጨት ግድግዳው ገና ጤነኛ የሆነን ቀዳዳ ያጠብባል፤ ድፍን ውታፍ ግን የፈረሰውን ግድግዳ አስወግዶ በሌላ ይተካል። ስለዚህ ከመምረጥ በፊት መታወቅ ያለበት የትኛው ዘዴ ይጠነክራል የሚለው ሳይሆን፣ ከቀዳዳው ግድግዳ ምን ያህሉ ተርፏል የሚለው ነው።

ቀዳዳውን መመርመር

ብሎኑ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ ጥርሱን ማየት ያስፈልጋል። በጥርሶቹ መካከል የእንጨት ቃጫ ተጠቅጥቆ ከተገኘ ብሎኑ እንጨቱን ቆርጦ ይዞት ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህም ከልክ በላይ የመጥበቅ ምልክት ነው። ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ቀዳዳው ከመጀመሪያው ለብሎኑ ሰፊ ነበር፣ ወይም ከዓመታት እንቅስቃሴ ብዛት ቀስ በቀስ ሰፍቷል።

ቀጥሎ የቀዳዳው ቅርጽ ይታያል። አፉ ክብ ከሆነና ስፋቱ ከብሎኑ ውፍረት ብዙም ካልበለጠ፣ ግድግዳው ጥርሱን ብቻ ነው ያጣው። አፉ ሞላላ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ከተጎተተ ግን፣ ብሎኑ እየተወዛወዘ በዚያ ወገን ያለውን እንጨት ጨፍልቆታል ማለት ነው። የተጨፈለቀ እንጨት ለዓይን ደህና ቢመስልም ሸክም ሲመጣበት ይሸሻል። ይህን ለመለየት ከቤት ወስፌ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የወስፌውን ጫፍ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ አስደግፎ በመጠኑ መግፋት ነው፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፤ የተጨፈለቀ እንጨት ጥቂት ያስገባዋል፤ የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ያለ ምንም ትግል ይውጠውና ወስፌው ሲወጣ ጥቁር ብስባሽ ይዞ ይመጣል። ብስባሽ ከተገኘ ሁለቱም ዘዴዎች አይሠሩም፤ ኮላ የሚይዘው የሚይዘውን እንጨት ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ውኃ የሚገባበት ተዘግቶ የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ መተካት አለበት።

እዚህ ላይ ሦስተኛ አማራጭ የሚያነሡ አሉ፤ ወፍራም ወይም ረጅም ብሎን መግዛት። ረጅሙ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከቀድሞው ቀዳዳ አልፎ ያልተነካ እንጨት የሚያገኝ ከሆነና ከኋላ የሚወጣበት ስስ ጣውላ ካልሆነ ምንም ነውር የለውም። ወፍራሙ ግን ማጠፊያ ላይ ብዙ ጊዜ ጣጣ ያመጣል። የማጠፊያው ቀዳዳ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ራስ ተብሎ የተጎደጎደ ከሆነ የ5 ሚሊሜትሩ ራስ ጠልቆ አይቀመጥም፤ በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ብረቶች ከመገናኘታቸው በፊት የብሎኑ ራስ ይጋጫል፣ በሩም እየገፋ ያንኑ ብሎን በጉልበት ይነቅላል።

የክብሪት እንጨት፦ ለምን እንደሚይዝና የት እንደሚያበቃ

ኮላ ብቻውን ቀዳዳ ሞልቶ ብሎን አይዝም። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚጠነክረው ተጠጋግተው በተቀመጡ ሁለት የእንጨት ገጾች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ሲደርቅ ነው። ጉድጓድ ሙሉ ኮላ ሲደርቅ ውኃው ስለሚሄድ ይኮማተራል፤ መካከሉም ባዶ ይሆናል። ክብሪቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የጉድጓዱን ይዘት እንጨቱ ይሞላል፣ ኮላው ደግሞ እንጨቱን ከግድግዳውና እርስ በርሱ ያያይዛል። ብሎኑ ሲገባ እንጨቶቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ እነሱም ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ የዚህ ጥገና ጥንካሬ ግማሹ የኮላው ሲሆን ግማሹ የመጨናነቁ ነው። መጨናነቅ ደግሞ የሚገፋውን ችሎ የሚቆም ግድግዳ ይፈልጋል። ከላይ ስለ ሞላላና ስለ ተጨፈለቀ ቀዳዳ የተነገረው ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፦ ግድግዳው የሚሸሽ ከሆነ ክብሪቱም አብሮ ይሸሻል።

አንዲት የክብሪት እንጨት በየጎኗ 2 ሚሊሜትር ያህል ናት። ለ4 ሚሊሜትር ብሎን የተበሳ፣ አሁን ግን ወደ 5 ሚሊሜትር የሰፋ ክብ ቀዳዳ ሦስት ወይም አራት እንጨት ይወስዳል፤ የመጨረሻዋ በጣት ግፊት የማትገባ፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ ተብላ የምትመታ መሆን አለባት። አንድ ሙሉ እንጨት ካልገባ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን መጨመር ይሻላል። ቀዳዳውን ለመሙላት ከስድስት በላይ እንጨት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን፣ ያ ቀዳዳ የክብሪት ሥራ መሆኑ አብቅቷል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ዝርዝር አለ። ክብሪት ሲሠራ በቀላሉ እንዲቀጣጠል የእንጨቱ የራስ ወገን ፓራፊን ሰም ውስጥ ይነከራል። ሰም የጠጣ እንጨት ኮላ አይቀበልም። ስለዚህ ራሱን ብቻ ቆንጥሮ መጣል አይበቃም፤ ከራሱ በታች 1 ሴንቲሜትር ያህል አብሮ ቆርጦ ማስወገድና ቀሪውን ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ንጹሕ እንጨት መጠቀም ያስፈልጋል። ስቴኪኒ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ሹል ጫፉ ተቆርጦ ካልወጣ የቀዳዳው ታች ሳይሞላ ይቀራል፣ ብሎኑ ብዙ መያዝ ያለበትም እዚያው ታች ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ስቴኪኒ ጠንካራ ቢሆንም ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ኮላ የሚይዘው በመጠኑ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ሻከር ማድረግ ይረዳል።

አሠራሩ አጭር ነው። ቀዳዳው በመጀመሪያ ከዱቄት ይጸዳል፤ አፍ ከመንፋት የብስክሌት ፓምፕ ይሻላል፣ ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ዱቄቱን መልሶ ያጣብቃልና። ከዚያ አንዱን እንጨት ኮላ ነክሮ ግድግዳውን ዙሪያውን መቀባት፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን እንጨት እየቀቡ እስከ ታች ማስገባት ነው። የተረፈው እንጨት ከገጹ እኩል በመሮ ይቆረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት ነው። ኮላው እርጥብ ሳለ ብሎኑን ወዲያው የሚያስሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እርጥብ ኮላ ግን እንደ ቅባት ያንሸራትታል፤ ብሎኑም ሲዞር እንጨቶቹን አጣምሞ ከግድግዳው ያላቅቃቸዋል። ከመዝጊያ ሠሪዎች መንደር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጺ በሥራ የቸኮለ ደንበኛ ሲያጣድፋቸው፣ «ጎበዝ፣ ኮላውን እኔ አላደርቀውም፤ ነገ ና» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ኮላ ውኃውን የሚለቀው በእንጨቱ በኩል ብቻ ስለሆነ በግልጽ ገጽ ላይ ከተቀባው ይልቅ ይዘገያል። አንድ ሌሊት ዝቅተኛው ነው፤ በክረምት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት መጠበቅ ይገባል። ሲደርቅ የእንጨቶቹ መካከል በወስፌ ይወጋና ብሎኑ በእጅ ይገባል።

ኮላ ሳይነካ የሚደረግ የክብሪት ጥገናም አለ። የፎቶ ፍሬም ለማንጠልጠል ወይም ቤቱን እስኪለቁ ለማቆየት ያገለግላል፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከወጣ ግን እንጨቶቹም አብረው ይረግፋሉ።

ድፍን ውታፍ፦ ጥንካሬውና ብዙዎች የማያዩት ድክመቱ

በሱቅ ዳውል እየተባለ የሚሸጠው ክብ የእንጨት ዘንግ ብዙውን ጊዜ 6፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የሚገጣጠም የቤት ዕቃ ሲገዛ በከረጢት ውስጥ ከሚገኙት ጎድጓዳ መስመር ያላቸው አጫጭር ውታፎች ብዙዎቹ 8 ሚሊሜትር ናቸው፤ ከተረፉ አለመጣል ነው። ዘንግ ያጣ ሰው ቀጥ ያለ ቃጫ ካለው ቁራጭ ጣውላ ፍልጥ አውጥቶ፣ በቢላዋ ማዕዘኑን ጠርቦ፣ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ በተበሳ ወፍራም ብረት ውስጥ በመዶሻ እየመታ ቢያሳልፈው ልኩን የጠበቀ ዘንግ ይወጣዋል። ፍልጥ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጋዝ የተቆረጠ ቁራጭ ቃጫው አግድም ሊያመልጥ ስለሚችል በመምታት ላይ ሳለ ይሰበራል።

የዚህ ዘዴ ብልጫ ግልጽ ነው። የተጨፈለቀውና የተቆረጠው እንጨት ሁሉ በፑንታው ተጠርጎ ይወጣል፤ ኮላው ጤነኛ እንጨት ከጤነኛ እንጨት ጋር በሰፊ ገጽ ያገናኛል፤ ብሎኑም ምንም ያልተነካ እንጨት ያገኛል። በ8 ሚሊሜትር ውታፍ ዙሪያ ያለው የኮላ ገጽ በ4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ካለው እጥፍ ነው።

ድክመቱ የቃጫው አቅጣጫ ነው። የዘንግ ቃጫ የሚሄደው በርዝመቱ ነው። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ሲቆም ቃጫው ከብሎኑ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ ብሎኑ የሚገባው ልክ እንደ ጉቶ ራስ ላይ እንደተመታ ሚስማር በቃጫው ጫፍ በኩል ነው። በዋናው እንጨት ላይ ግን ብሎኑ ቃጫውን አቋርጦ ነበር የገባው። በቃጫ ጫፍ የገባ ብሎን፣ እንጨቱ ባይሰነጠቅ እንኳ፣ አቋርጦ ከገባው ብሎን በአማካይ ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አቋርጦ የገባ ጥርስ ረጃጅም ቃጫዎችን እንደ ገመድ ተደግፎ ይቆማል፤ በጫፍ በኩል የገባው ግን አጫጭር ቁርጥራጮችን ነው የሚይዘው። ታዲያ ውታፍ ያስገባ ሰው «አሁን ከአዲሱም ይበልጣል» ሲል ብሰማ አላምነውም። ከተበላሸው እጅግ ይሻላል፤ ከመጀመሪያው ጤነኛ ቀዳዳ ግን አይበልጥም።

እርግጥ የክብሪት እንጨትም ቃጫው ከብሎኑ ጋር ትይዩ ነው። ልዩነቱ በክብሪቱ ጥገና ላይ ብሎኑ በከፊል ከቀድሞው ግድግዳ ጋር ሲጨናነቅ፣ በውታፉ ጥገና ላይ ግን ሙሉ በሙሉ በውታፉ ላይ መደገፉ ነው። ለዚህ ነው ክብ፣ ጠባብና ጤነኛ ግድግዳ ባለው ቀዳዳ ላይ ክብሪቱ ከውታፉ እምብዛም የማያንሰው። ጤነኛ ግድግዳን በፑንታ ቆርጦ ጥሎ በቃጫ ጫፍ መተካት አንዳንድ ጊዜ ኪሳራ ነው።

የዘንጉን ድክመት ሦስት ነገሮች ይቀንሱታል። የመጀመሪያው ከዋናው እንጨት ጠንከር ያለ ዘንግ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ቀዳሚ ቀዳዳ ሳይበሱ ብሎን አለማስገባት ነው፤ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ጠንካራ ዘንግ ላይ 3 ሚሊሜትር፣ ለስላሳ ዘንግ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ፑንታ ይበቃል፤ የብሎኑን ጥርስ በደረቅ ሳሙና ወይም በሻማ ማሸት መሰንጠቅን ይከላከላል። ሦስተኛውና የተሻለው ጊዜና መሮ ላለው ሰው ነው፦ ክብ ዘንግን ትቶ 12 በ12 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጉድጓድ በመሮ ማውጣትና፣ ቃጫው ከመቃኑ ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቁራጭ በኮላ መክተት። ያኔ ብሎኑ እንደ መጀመሪያው ቃጫ አቋርጦ ይገባል። ቋሚ ሸክም ላለው ከባድ በር እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ልኩን የጠበቀ ዘንግ ኮላ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ሲመታ እንደ ሲሪንጅ ይሠራል፤ ኮላውና አየሩ መውጫ ሲያጡ እንጨቱን በቃጫው መስመር ይሰነጥቁታል፣ ወይም ዘንጉ ከታች ሳይደርስ ይቆማል። በዘንጉ ጎን ላይ በመጋዝ ጥርስ ወይም በቢላዋ አንድ ስስ ቦይ ከላይ እስከ ታች መጫር ይህን ይፈታል። ኮላውም በብዛት ግድግዳው ላይ እንጂ ጉድጓዱ ሥር ላይ አይፈስስ።

በአንድ ማጠፊያ ላይ ሁለቱም፦ የመኝታ ቤት በር

ባለፈው ዓመት የጠገንኩት በር ሁለቱንም ዘዴዎች በአንድ ብረት ላይ ስላሳየኝ በዝርዝር ልጻፈው። በሩ ድፍን ጣውላ፣ መቃኑ ዝግባ ነበር። የበሩ እጀታ ወገን ወርዶ ወለሉን ይጭር ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላይኛው ማጠፊያ ነው፤ የበሩ ክብደት የታችኛውን ማጠፊያ ወደ መቃኑ ሲገፋ፣ የላይኛውን ግን ከመቃኑ ይጎትተዋልና።

የላይኛው ማጠፊያ በመቃኑ ወገን ሦስት ብሎኖች ነበሩት፤ ሁሉም 4 በ35 ሚሊሜትር። የታችኛው ብሎን ጠብቋል። የመካከለኛው ባዶውን ይዞራል፤ ሲወጣ በጥርሱ መካከል ቡናማ ቃጫ ይዟል፤ የቀዳዳው አፍ ክብ ነው። የላይኛውን በጣት ነው ያወጣሁት፤ የቀዳዳው አፍ ወደ በሩ ወገን ተስቦ 7 ሚሊሜትር ያህል ሞላላ ሆኗል፣ ወስፌውም በዚያ ወገን ጥቂት ገባ። ስለዚህ ለመካከለኛው ክብሪት፣ ለላይኛው ድፍን ውታፍ ወሰንኩ።

በሩን ከፍቼ ከእጀታው ወገን በታች ሁለት ሽብልቅ እየገፋሁ ክብደቱን ከማጠፊያው ላይ አነሣሁ። ይህ ካልተደረገ የቀረው አንድ ብሎን ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከምና እሱም ይበላሻል።

የውታፉን ውፍረት መምረጥ ጥቂት አሳሰበኝ። 8 ሚሊሜትር ሞላላውን ጉድጓድ ለመሸፈን ጠርዙ ላይ ይደርሳል፤ የተጨፈለቀው ክፍል ግን ከውጭ ይቀራል። 10 ሚሊሜትር ሁሉንም ይጠርጋል፤ ነገር ግን የቀዳዳው መካከል ከመቃኑ ጠርዝ 12 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚርቅ በፑንታውና በጠርዙ መካከል የሚቀረው 7 ሚሊሜትር እንጨት ነው። ከ5 ሚሊሜትር በታች ቢሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር፤ 7 ይበቃል ብዬ 10ን ወሰድኩ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀትም አየሁ። ሦስቱም በአንድ የቃጫ መስመር ላይ ስለሚሰለፉ ሦስቱንም በ10 ሚሊሜትር ማስፋት መቃኑን በዚያ መስመር እንዲሰነጠቅ ማዘጋጀት ነው። መካከለኛውን በክብሪት ለመተው ይህ ሌላ ምክንያት ሆነኝ።

ቀድሞ የተበሳ ጉድጓድ ላይ ትልቅ ፑንታ ማስጀመር አስቸጋሪ ነው፤ ፑንታው የሚደገፍበት መካከል ስለሚያጣ ወደ ሞላላው ወገን ይሸሻል። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስቼ፣ ጣውላውን በትክክለኛው ቦታ ላይ በሞርሳ አስሬ፣ ትራፓኖውን በእሱ ውስጥ አሳለፍኩ። የምበሳው ጥልቀት 35 ሚሊሜትር ነበር፤ የማጠፊያው ብረት 2.5 ሚሊሜትር ስለሚወስድ ከብሎኑ እንጨት ውስጥ የሚገባው 32 ተኩል ነው። የጣውላውን ውፍረት ጨምሬ በፑንታው ላይ ቴፕ ጠመጠምኩ፤ ቴፑ ጣውላውን ሲነካ አቆምኩ።

ዘንጉን ቦይ ጭሬበት፣ ኮላ ቀብቼ፣ በቀላል ምት አስገባሁት። የዘንጉ ድምፅ ይናገራል፦ በመንገድ ላይ ሳለ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል፤ ሥሩን ሲነካ ግን ድምፁ ይጠነክርና ይቀጥናል። እዚያ ላይ መምታት ማቆም ነው። በመካከለኛው ቀዳዳ ሦስት ሙሉና አንድ የተሰነጠቀ የክብሪት እንጨት ገባ። የፈሰሰውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በሩን በሽብልቁ ላይ እንዳለ ተውኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ከገጹ እኩል በመሮ ቆረጥኩ። ማጠፊያውን በጠበቀው የታችኛው ብሎን አስሬ፣ የቀሪዎቹን ቀዳዳዎች መካከል በራሱ በማጠፊያው ላይ በወስፌ ምልክት አደረግሁ። ውታፉን በ3 ሚሊሜትር በሳሁት፤ ክብሪቱን በወስፌው ብቻ ወጋሁት። ብሎኖቹን በካቻቢቴ በእጅ አስገባኋቸው። የኤሌክትሪክ ማሰሪያ እዚህ ላይ አይመከርም፤ የብሎኑ ራስ ብረቱን ከነካ በኋላ ሩብ ዙር እንኳ ጨምሮ ከዞረ አዲሱ ጥርስ ይቆረጣል፣ ማሽኑ ደግሞ ያንን ሩብ ዙር አይሰማም። ሽብልቆቹን ሳወጣ በሩ ወለሉን አልነካም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁለቱንም ብሎኖች በካቻቢቴ ሞከርኳቸው፤ አንዱም አልዞረም።

ቺፕውድ ሲሆን

የኩሽና ቁም ሳጥን መዝጊያ ከሆነ ምርጫው ይቀልላል፦ ክብሪቱን መተው ነው። ቺፕውድ ተያይዞ የሚሄድ ቃጫ የለውም፤ በሙጫ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ነው። ብሎኑ ከተነቀለ ግድግዳው ይረግፋል፤ ክብሪት ሲጠቀጠቅበት መጨናነቁን መሸከም ስለማይችል ይብሳል። በአንጻሩ የዘንግ ውታፍ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ትርጉም የለውም፤ ድፍን እንጨት በቃጫው ጫፍ በኩል እንኳ ከረገፈ ቺፕውድ አጥብቆ ይይዛልና።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጥልቀቱ ነው። የሰሌዳው ውፍረት ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ነው፤ ማጠፊያውን የሚያስሩት ብሎኖችም አጫጭር ናቸው፣ በተለመደው 3.5 በ16 ሚሊሜትር። በ16 ሚሊሜትር ሰሌዳ ላይ ከ12 ሚሊሜትር በላይ መብሳት፣ በተለይ መካከለኛ ሹል ባለው የእንጨት ፑንታ፣ ከማዶ ያለውን ሽፋን ያነሣል። ቺፕውድ ኮላን እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥጥ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መቀባት ይገባል፤ አለዚያ ውታፉ ሲገባ በዙሪያው ደረቅ ነው። በመታጠቢያ ገንዳ ሥር ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፕውድ ግን በምንም አይድንም።

ጥገናው ሲከሽፍ የሚታይ ምልክት

ብሎኑ ሲጠብቅ ውታፉም አብሮት የሚዞር ከሆነ የከሸፈው ኮላው ነው፤ ወይ አልደረቀም፣ ወይ ቀዳዳው ከዘንጉ ሰፍቷል፣ ወይ ገጹ ቀለም ወይም ሰም ነበረበት። እንዲህ ያለው ውታፍ ተስቦ ይወጣል፤ ግድግዳውን አጽድቶ እንደገና ማጣበቅ ይቻላል። ውታፉ ሳይዞር ብሎኑ ብቻውን ከዞረና ሲወጣ ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ የተቆረጠው የውታፉ የራሱ እንጨት ነው፤ ቀዳሚው ቀዳዳ ሰፍቶ ነበር ወይም ዘንጉ ለስላሳ ነው። ብሎኑ ሲወጣ የክብሪት እንጨቶችን ተጠምጥመውበት ይዞ ከመጣ ደግሞ ኮላው እርጥብ ሳለ መታሰሩን ያሳያል።

ከነዚህ ውስጥ ለማረም የሚቀለው የክብሪቱ ነው። በክብሪት የተሞላ ቀዳዳ ቢከሽፍ በ8 ወይም በ10 ሚሊሜትር ፑንታ ተጠርጎ ድፍን ውታፍ ይገባበታል፤ ምንም የጠፋ እንጨት የለም። በ10 ሚሊሜትር ውታፍ የከሸፈ ቀዳዳ ግን ጠርዙ ቅርብ ከሆነ ወደ 12 ወይም 14 ሚሊሜትር ለማስፋት ቦታ ላይኖረው ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው ያን አራት ማዕዘን ጉድጓድ በመሮ አውጥቶ ቃጫው ከመቃኑ ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቁራጭ መክተት፣ ያም ካልሆነ ማጠፊያውን 5 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዛወር ነው።